በማግስቱ የገማው ቡና

 

ዛሬ የምናወራው ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ በሙያው እየመከረ ስለሚያገኘው ገንዘብ ነው። ምሳሌው እኔው ነኝ። የሰው ስም ከማንሳት የራሴን ስሕተት ብናገር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ለአንድ ዝግጅት አያንስም።

34 ዓመት ቡና ቀማሽ ነበርኩ። ቀማሽ ቡናውን አይጠጣም። በማንኪያ ጨልፎ፣ ድምፅ እስኪሰማ ስቦ፣ አፉ ውስጥ በትኖ ይተፋዋል። በቀን ከመቶ ስኒ በላይ የምንቀምስበት ጊዜ ነበር። በ1976 ዓ.ም. መንግሥት መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ በ2010 ዓ.ም. 60 ዓመት ሞላኝና መታወቂያዬን መልሼ ወጣሁ።

ጡረታው እንዴት እንደሚታሰብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። የእኔ 34 ዓመት 60 በመቶ መጣ። አማካይ ደመወዜ 9,000 ብር ስለነበር በወር 5,400 ብር ማለት ነው። ልጆቼ ደርሰዋል፣ የቤት ኪራይ የለብኝም። ቢሆንም በ5,400 ብር ወሩን መግፋት ከባድ ነበር።

ዕድለኛም ነበርኩ። እኔ ከመውጣቴ በፊት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ አዲስ የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት አብዛኛው ቡና በምርት ገበያው በኩል በደረጃ ብቻ ይሸጥ ነበር። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ሰው ቡናው ከሌላው ጋር ተደባልቆ ስለሚሄድ የገዢውን ፊት አያይም። ከአዋጁ በኋላ ባለ ጣቢያው በቀጥታ ለውጭ ገዢ መላክ ቻለ። ገዢው ናሙና ይጠይቃል፣ ይቀምሳል፣ «ይኼኛው ከረጢት ጥሩ ነው፣ ያኛው ግን ሽታ አለው» ብሎ ይጽፋል። ትናንት ደረጃ ብቻ ይነገረው የነበረ ነጋዴ ዛሬ «ሽታው ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ፈለገ። ያ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ ብዬ አሰብኩ።

አሰብኩ እንጂ ወዲያው አልሆነልኝም።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ደንበኛ አልነበረም፤ የድሮ ወዳጄ ነው። ደወለና «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ብቅ በልና ጣቢያዬን እይልኝ» አለኝ። ሄድኩ። ሦስት ቀን ከርሜ ገንዳውን፣ የማድረቂያ አልጋውን፣ መጋዘኑን አየሁ። የማውቀውን ሁሉ፣ የሚያስፈልገውንም የማያስፈልገውንም፣ እራት ላይ ሳይቀር ዘረገፍኩለት። ጥሩ ጥብስ በላሁ። ስመለስ አንድ ኩንታል ቆጮ ሊያስጭንልኝ ሲል በግድ ነው ያስተውኩት። ገንዘብ ግን አልተነሳም፤ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ። ለሁለት ወር ያህል ሰውየውን በሆዴ ስወቅሰው ከረምኩ። በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠያቂ ዘመድ ሆኜ ሄድኩ፣ እንደ ጠያቂ ዘመድ ተስተናገድኩ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ ይብስ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ «34 ዓመት ልምድ አለኝ» እል ነበር። ይህ ለሚሰማው ምንም አይነግረውም። ባለ ጣቢያው የሚያስጨንቀው የዘንድሮ ቡናው ነው እንጂ የእኔ ዕድሜ አይደለም። ስለዚህ ምን እንደምሸጥ መለየት ነበረብኝ፤ እዚህ ላይ ደግሞ አንድ መራራ ነገር ገጠመኝ።

እሸጣለሁ ብዬ ያሰብኩት ቅምሻውን፣ ነጥብ መስጠቱን ነበር። ያ ነው ሙያዬ። ከወጣሁ በዓመቱ ግን አንዲት ወጣት ቀማሽ፣ ድሮ በእኔ ሥር የተለማመደች ልጅ፣ ፈተና አቀረበችልኝ። ሦስት ስኒ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቡና ነው፣ አንዱ ሌላ። የተለየውን ማውጣት ነው። እንዲህ ያለ ስድስት ረድፍ ትደረድራለች። በደህናው ዘመኔ ስድስቱንም አወጣ ነበር። ያን ቀን አራት አወጣሁ። ልጅቱ ዐይኗን ሰበር አድርጋ «ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞዎታል መሰለኝ» አለችኝ። ጉንፋን አልያዘኝም። የማሽተት ኃይል ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፣ እኔንም አልማረኝም። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመሰከርላቸው ቀማሾች እንኳ በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይፈተኑ ነበር።

በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ከዚያ ግን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አፍንጫዬ ቢደክምም አንድ ያልደከመ ነገር አለ። አንድ ስኒ ውስጥ መጥፎ ሽታ ካለ ያ ሽታ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከመፈልፈያው ነው? ከገንዳው? ከአልጋው? ከከረጢቱ? ይህንን በ34 ዓመት ውስጥ አንድ ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። ነጥቡን ወጣቷ ትሰጣለች፤ እኔ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ስለዚህ «ቀማሽ ነኝ» ማለቴን ትቼ «ቡናህ ለምን ከደረጃው እንደወረደ በሦስት ቀን ለይቼ በጽሑፍ እሰጥሃለሁ» ማለት ጀመርኩ። ስልኬ መጥራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ልጅቱንም በቀን አበል አብራኝ እንድትሄድ አደረግኋት።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ፤ ጡረተኛ ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ነው።

ብዙዎቻችን የቀን ዋጋችንን ከድሮ ደመወዛችን እናሰላለን። የእኔ 9,000 ብር ለ22 የሥራ ቀን ሲካፈል 410 ብር አካባቢ ይመጣል። «ትንሽ ጨምሬ 600 ልበል» ትላላችሁ። በዚህ ዋጋ ብትሠሩ ከኪሳችሁ እያወጣችሁ ነው የምትሠሩት። ደመወዝተኛ ሳላችሁ ዝናብ ቢዘንብም፣ ሥራ ቢጠፋም፣ ብትታመሙም ይከፈላችኋል። አማካሪ የሚከፈለው የሸጠውን ቀን ብቻ ነው። የታጠበ ቡና ወቅት በእኛ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ከዚያ ውስጥ መንገዱ አለ፣ ሪፖርት መጻፉ አለ፣ ሥራ ፍለጋው አለ። እኔ በወቅቱ ውስጥ ከ50 ቀን በላይ መሸጥ አልቻልኩም።

ስለዚህ ስሌቱን ከሌላው ጫፍ ጀመርኩ። ከጡረታዬ በላይ በወር 8,000 ብር ያስፈልገኛል፤ በዓመት 96,000። ለንግድ ፈቃድ፣ ለትራንስፖርት፣ ለስልክ፣ ሒሳቤን ለምትይዝልኝ ባለሙያና ለግብር ደግሞ 54,000 ብር አስቀመጥኩ። ድምሩ 150,000 ነው። ለ50 ቀን ሲካፈል 3,000 ብር ይሆናል። ከ410 ወደ 3,000! ቁጥሩን ሳየው እኔው ራሴ አፈርኩ። ይህ እንግዲህ ከጥቂት ዓመት በፊት ነው፤ ዛሬ ኑሮው ሌላ ስለሆነ ቁጥሮቹን የራሳችሁን አድርጉ፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት፣ 3,000 ብሩ ለከፋዩ ያዋጣዋል ወይ? ይህንን በአንድ ሥራ ላሳያችሁ።

ጌዴኦ ውስጥ፣ ይርጋጨፌ አካባቢ ያለ ጣቢያ ነው። ባለቤቱ በስልክ አገኘኝ። በወቅቱ 300,000 ኪሎ ያህል እሸት ይገዛል። ስድስት ኪሎ እሸት በግምት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስለሚወጣው፣ 50,000 ኪሎ ቡና ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ከዚህ ውስጥ 8,000 ኪሎው «ሽታ አለው» ተብሎ ከደረጃው ወርዶበታል። በኪሎ 20 ብር ጎደለበት፤ በጠቅላላው 160,000 ብር። እሱ ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ ይላል። መፈልፈያ ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲስ ሊገዛ ከነጋዴ ጋር ዋጋ ጨርሷል፤ የጣቢያውን ተቆጣጣሪም ሊያባርረው ነው። እኔን የፈለገኝ ምርጫው ትክክል መሆኑን እንዳረጋግጥለት ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ዋጋዎን ቁርጡን ይንገሩኝ» አለ።

«12 ቀን እሠራለሁ። 36,000 ብር» አልኩት።

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። አድማጮች፣ እዚህ ላይ ነው ምላሳችሁን መያዝ ያለባችሁ። ድሮ ቢሆን ዝምታው ሲያስጨንቀኝ «ግድ የለም፣ 25 ይሁን» እል ነበር። በዚህ ጊዜ ሌላ ነገር ጠየቅሁት። «ባለፈው ዓመት ሽታው ያጎደለብህ ስንት ነው?» እሱው ራሱ 160,000 ብሎ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አልተከራከርንም።

አንድ ሐሳብ ግን አቀረበ፤ ብዙ ነጋዴ የሚያቀርበው ነው። «ቡናው በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ ከትርፉ ልስጥዎ» አለኝ። አልተቀበልኩም። የቡና ዋጋ የሚወሰነው ኒው ዮርክ ባለው ገበያ ነው፤ ብራዚል ውርጭ ሲመታው እዚህ ይወደዳል፣ እዚያ ሲጠግቡ እዚህ ይረክሳል። እኔ ገንዳውን ምን ያህል ባጸዳ ኒው ዮርክን አላዝዘውም። ቡናው ዋጋ ቢያጣ ደመወዜ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው፤ ዋጋ ቢያገኝም ያላመጣሁትን ልካፈል ነው። ስለዚህ የተስማማነው በሥራው ነው። ሦስት ቀን ምክንያቱን ለመለየት፣ ዘጠኝ ቀን ደግሞ ወቅቱ ውስጥ እየተመላለስኩ የተስማማነው መፈጸሙን ለማየት።

ውሉ አንድ ገጽ ነው። ምን እንደምሠራ ይላል፤ ምን እንደማልሠራም ይላል፣ ማለትም ገዢ አላፈላልግም፣ ለነጥብ ዋስ አልሆንም። የጣቢያው ሰዎች የእያንዳንዱን ቀን ቡና ቀኑን ጽፈው ለብቻ እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል፤ እነሱ ይህን ካላደረጉ የእኔ ሥራ ስለሚቆም ነው። ክፍያው በሦስት ተከፍሏል፤ ስንፈራረም 12,000፣ የመጀመሪያው ሪፖርት ሲደርሰው 12,000፣ ወቅቱ ሲያበቃ 12,000። ቀብድ ሳልቀበል መኪና ላይ አልወጣም። ቀብዱን የምቀበለው ሰውን ባለማመን አይደለም፤ ቀብድ የከፈለ ሰው ስትደርሱ ናሙናውን አዘጋጅቶ፣ መዝገቡን አውጥቶ ይጠብቃችኋል። ያልከፈለ ሰው ግን «ሰውየው ሐዋሳ ሄዷል፣ ነገ ይመጣል» ይላችኋል።

ደረስን፣ እኔና ወጣቷ ቀማሽ። በመጀመሪያው ቀን ምንም ምክር አልሰጠሁም። ይህ ለጡረተኛ ከባድ ነው፤ በር ላይ ሳለን አስር ጥፋት አይተናልና አፋችን ይበላናል። መዝገቡን አየሁ። ከመጋዘን የ14 የተለያዩ ቀናትን ናሙና አወጣን። ልጅቱ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ስኒ አፈላች፤ 70 ስኒ። አምስት የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። አምስቱም ስኒ ቢጎመዝዝ ያ ቀን ሙሉው ቡና ገንዳ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ከአምስቱ አንዱ ብቻ ቢገማ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ጥቂት የበሰበሱ ፍሬዎች ከደህናው ጋር ተቀላቅለዋል። እንዲህ ያለው ፍሬ ላዩ ጤነኛ ይመስላል፣ በዐይን ለቅሞ ማውጣት ያስቸግራል። ሲፈጭ ነው የሚያጋልጠው።

ከ14ቱ ቀናት ዘጠኙ ንጹሕ ነበሩ። በአምስቱ ቀን ከአምስት ስኒ አንዱ ይገማል። ባለ ጣቢያው ተቆጣጣሪውን የወቀሰው «ገንዳ ውስጥ አቆይቶ ነው» ብሎ ነበር። እሱ ቢሆን ኖሮ አምስቱም ስኒ ይበላሽ ነበር። ስለዚህ ልጁ ከጥፋቱ ነጻ ወጣ፤ ሥራውን ያተረፈችለት ያቺ አንድ ስኒ ናት።

ቀጥሎ የአምስቱን ቀናት ቁጥር ይዤ የግዢውን መዝገብ ገለጥኩ። ግዢ የበዛባቸው ቀናት ይሆናሉ ብዬ ነበር። አልሆኑም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ጣቢያው ከ3,000 ኪሎ በታች የገዛባቸው ቀላል ቀናት ናቸው። ግራ ገባኝ። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣን ሳለ ልጅቱ መዝገቡን ወደ እሷ ስባ «ጋሼ፣ አንድ መስመር ወደ ላይ ይዩማ» አለች። አንድ መስመር ወደ ላይ ያለው የዋዜማው ቀን ነው። አምስቱም ቀናት ዋዜማቸው ከ9,000 ኪሎ በላይ የተገዛበት ነበር። ቡናው የሚገማው ግዢ በበዛበት ቀን አልነበረም፤ በማግስቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ምክንያቱን ለማግኘት ማሽኑ ጋር ማምሸት ብቻ በቃን። ከሩቅ መሰብሰቢያዎች የሚመጣው የመጨረሻ መኪና ከምሽቱ 3 ሰዓት ይደርሳል። ማሽኑ እስከ እኩለ ሌሊት ይፈለፍላል። ሠራተኞቹ ሲጨርሱ ደክመዋል፣ ብርድ ነው፣ ውሃውን ዘግተው ይሄዳሉ። መፈልፈያው ሥርና የቦዩ ማእዘን ላይ ሁለት እፍኝ ፍሬ ተጣብቆ ያድራል። ጠዋት በእጄ አወጣሁት፤ ለባለ ጣቢያው አፍንጫ አስጠጋሁለት። ያ እፍኝ በማግስቱ ውሃው ሲለቀቅ ወደ አዲሱ ቡና ይገባል። አዲስ ማሽን ቢገዛም በአዲሱ ማሽን ላይ ያድር ነበር።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከሩቅ የሚመጣውን እሸት ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንዳይቀበሉ፤ ፈልፍለው ሲጨርሱ ማሽኑና ቦዩ በመጥረጊያና በንጹሕ ውሃ እንዲታጠቡ፣ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የማታ ተረኛ ሁለት ሰው እንዲቀጠር፤ ተቆጣጣሪው በባትሪ አይቶ እንዲፈርም። ሪፖርቱ ሦስት ገጽ ነበር። አማካሪ ነኝ ብሎ 60 ገጽ የሚጽፍ አለ፤ ጣቢያ ላይ ማን ያነበዋል?

ቀሪውን ዘጠኝ ቀን በትልልቅ የግዢ ቀናት ማግስት እየሄድኩ አዋልኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ፊርማው ነበረ፣ ማጠቡ ግን አልነበረም፤ ቦዩ ውስጥ ጣቴን ስከት አተላው ወጣ። ምክር ሰጥቶ የሚሄድ አማካሪ ይህንን አያየውም። ወቅቱ ሲያልቅ የ20 ቀናት ናሙና ቀመስን። በአንዱ ቀን ብቻ አንድ የገማ ስኒ ተገኘ፤ ያን ማታ ውሃ ተቋርጦ እንደነበር መዝገቡ ላይ ተጽፏል።

ሁለት የሚፈትኑ ነገሮች መጡብኝ፤ እናንተም ዘንድ መምጣታቸው አይቀርም። የማሽኑ ነጋዴ ደወለ። «ግዛ ብለው ቢመክሩት የእርስዎ ድርሻ አይጠፋም» አለኝ። አንዴ ከሻጭ ድርሻ የተቀበለ አማካሪ ደላላ ነው፤ ደላላነት የሚያስነውር ሥራ አይደለም፣ ነገር ግን ባለ ጣቢያው የከፈለኝ ለድለላ አልነበረም። ሁለተኛው ከራሱ ከደንበኛው የመጣ ነው። «ድሮ የሠሩበት ቦታ ሰው አያጡም፤ ደረጃው ላይ እንዲተባበሩን አንድ ቃል ቢሉልኝ» አለ። በርካታ ደንበኞች የሚፈልጉት እውቀታችንን ሳይሆን የምናውቀውን ሰው ነው። ይህንን የሸጠ ሰው በአንድ ወቅት ደህና ገንዘብ ያገኛል። እዚያ ቢሮ ያሉት ሲቀየሩ ግን የሚሸጠው ነገር አይኖረውም፤ እስር ቤት ካልገባ። «ይኼ ውላችን ውስጥ የለም» አልኩት፣ እሱም አልደገመውም።

ስለ ግብሩ ባጭሩ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቲን የምንለው፣ እና የማማከር ፈቃድ ከሌላችሁ ድርጅት አይከፍላችሁም፤ ቢከፍላችሁም ቲን የሌለው ሰው ላይ የሚቀነሰው ቅድመ ግብር እጅግ ከፍ ያለ ነው። ፈቃዱ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ስለሚጠይቅ ከመሥሪያ ቤታችሁ ሳትለቁ የሥራ ልምዳችሁን በዝርዝር አጽፋችሁ ውጡ፤ «በልዩ ልዩ የሥራ መደቦች» የሚል ደብዳቤ አይረዳችሁም። ድርጅቱ ቅድመ ግብር ሲቀንስባችሁ ደረሰኙን አትርሱ። የተቀነሰው ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ከግብራችሁ ላይ የሚታሰብላችሁ የራሳችሁ ገንዘብ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ደረሰኞች አጥቼ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላው ገቢዬ ልናገር፤ ከማማከር የተለየ ነው። አንድ ወጣት ላኪ አለ፣ አባቱ ትቶለት የሄደውን ንግድ የተረከበ። ጥፋት እንድፈልግለት አልጠየቀኝም። ከመወሰኑ በፊት የሚያማክረው ሽማግሌ ነው የፈለገው። በወር 4,000 ብር ይከፍለኛል። መጀመሪያ ላይ ከሌሊቱ 5 ሰዓትም ይደውል ነበር፤ እኔም ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን እሰጠዋለሁ። በሦስት ወሩ ሳየው ልጁ ምንም አልተማረም፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ነው የምናወራው፣ ጭነት ላይ ካልሆነ በስተቀር።

አንድ ቀን ጭነት ላይ ሆኖ ደወለ። «ጋሼ፣ እርጥበቱ 13 በመቶ ይላል፣ መኪናው ቆሟል። ልጫን ወይስ ይቅር?» የታጠበ ቡና እርጥበት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ 13 ላይ ከተጫነ መርከብ ውስጥ ሊሻግት ይችላል። ድሮ ቢሆን «አትጫን» ብዬ ስልኩን እዘጋ ነበር። በዚህ ጊዜ ጠየቅሁት።

«ከየትኛው ከረጢት ነው የለካኸው?»

«ከላይ ካሉት።»

«ስንት ከረጢት?»

«ሁለት።»

«ከአልጋ መቼ ወረደ?»

ዝም አለ። «አሁን ጠዋት» አለ በመጨረሻ፣ «ለካ ገና ትኩስ ነው።»

ቡና ከፀሐይ እንደወረደ በመለኪያው ላይ ትክክለኛ ቁጥር አይሰጥም፤ ማረፍና መቀዝቀዝ አለበት። ልጁ መኪናውን አሳድሮ በማግስቱ ከየረድፉ 15 ከረጢት ለካ። ግማሹ 12 ነበር፣ ግማሹ አሁንም 13። ግማሹን ጫነ፣ ግማሹን ወደ አልጋ መለሰ። ለአንድ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ከፍሏል። ውሳኔውን እኔ አልወሰንኩም፤ የሚከፍለኝም ለዚያ ነው። ዘንድሮ የእርጥበት ጥያቄ ይዞ አልደወለም።

ይህ የገቢ ዓይነት አንድ ጠባይ አለው፤ በደንብ ከሠራችሁት ያልቃል። ተማሪው ይበቃዋል። ስለዚህ የስድስት ወር ውል እገባለሁ፣ ሲያልቅ ካልፈለገኝ እንሰነባበታለን። ደንበኛ እንዳይለቀኝ ብዬ እውቀት ደብቄ ባስቀር ራሴን እንደ እዳ አስከፋይ ነው የምቆጥረው።

የጌዴኦው ባለ ጣቢያ ዘንድሮ አልጠራኝም። ተቆጣጣሪው፣ ሊባረር የነበረው ልጅ፣ ማታ በባትሪ እያየ መፈረሙን ቀጥሏል፤ ናሙናም ለራሱ ያፈላል፣ አምስት አምስት ስኒ። ባለቤቱ ግን ስልኬን ለሁለት ጎረቤቶቹ ሰጥቷል። አንደኛው ጋ ጥቅምት ሲገባ እሄዳለሁ፤ የእሱ ቡና አምስቱም ስኒ ይጎመዝዛል ብሎኛል። ልጅቱም አብራኝ ትሄዳለች። በዚህ ዓመት የቀን ዋጋዋን ራሷ ነው የነገረችኝ፣ ሳትቀንስም ጸናች።

ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራችሁ አድማጮች ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ሰው ችግር ገጥሞት እናንተን የጠራበትን እያንዳንዱን ቀን ጻፉ፤ ችግሩ ምን ነበር፣ እናንተ ምን አያችሁ፣ ምን ያህል ገንዘብ ዳነ። የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ አትገልብጡ፣ የራሳችሁን ሥራ ብቻ። እኔ ይህን ሳልጽፍ ነው የወጣሁት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያባከንኩት የማውቀው ምን እንደሆነ በማስታወስ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አንድ የሒሳብ ባለሙያ ጋብዘናል፤ የቅድመ ግብር ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ ጠብቁን።